ምስሉ ይመጣል፣ ፋይሉ እዚያው ይቀራል

አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት አለ እንበል። ሂሳቡ የሚያዘው በፒችትሪ ነው። ፒችትሪ የተጫነው ደግሞ ሂሳብ ክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ አዳማ ስለምትኖር በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከቤቷ ብትሠራ ደስ ይላታል። ባለቤቱ የዓመቱን እኩሌታ የሚያሳልፈው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የወሩን ሂሳብ እዚያው ሆኖ ማየት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር የሚጠራው የአይቲ ባለሙያም ሌሎች ደንበኞች ስላሉት ለእያንዳንዷ ችግር ታክሲ ተሳፍሮ ቢሮ ድረስ አይመጣም።

ሦስቱም “ከርቀት መግባት እፈልጋለሁ” ይላሉ። ቢሮ ውስጥም ነገሩ ሁሉ በጅምላ “ሪሞት” ይባላል። ነገር ግን ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ስክሪን ሼሪንግና ፋይልን ከርቀት መክፈት በውስጣቸው የማይገናኙ ሦስት አሠራሮች ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ፒችትሪን ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፤ ሲብስም የዓመቱ ሂሳብ ተበላሽቶ ያገኘዋል። ለመለየት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ፕሮግራሙ የሚሠራው የትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? በኔትወርኩ የሚያልፈውስ ምንድን ነው?

በሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሩቅ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሠራተኛዋ አዳማ ላይ ላፕቶፕዋን ከፍታ ወደ መገናኛው ኮምፒውተር ስትገባ፣ ፒችትሪን የሚያስኬደው የመገናኛው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ነው፤ ፋይሎቹም ከዚያው ሃርድ ዲስክ አይነቃነቁም። ወደ አዳማ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። ከአዳማ የሚሄደው ደግሞ የተነኩት የኪቦርድ ቁልፎችና የማውዙ እንቅስቃሴ ናቸው። የቢሮው ኮምፒውተር የስክሪን፣ የኪቦርድና የማውዝ ገመድ ተስቦ ተስቦ አዳማ የደረሰ ያህል ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ አሮጌ ቢሆን፣ ፒችትሪም ጭራሽ ባይጫንበት ግድ የለም። ምስል ተቀብሎ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ምስል ማምጣት ግን ሲሰሙት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የተለመደው ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ሦስት ባይት ቢያዝ አንድ የስክሪን ምስል ወደ 6.2 ሜጋባይት ይጠጋል። ይህ በሴኮንድ 30 ጊዜ ይላክ ቢባል በየሴኮንዱ 186 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጭነት የቤት ኢንተርኔት አይችለውም። ታዲያ ሠራተኛዋ በሞባይል ዋይፋይ እንኳ እንዴት ትሠራለች?

መልሱ ያለው ሂሳብ ስትሠራ ስክሪኗ ላይ በሚሆነው ነገር ነው። በአንዲት ሣጥን ውስጥ 5 ቁጥርን ስትጽፍ ከሁለት ሚሊዮኑ ነጥቦች የሚለወጡት ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። ሌላው ስክሪን፣ ማለትም ሜኑው፣ የደንበኞቹ ዝርዝር፣ ከታች ያለው ሰዓት፣ እንዳለ ነው። በመገናኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው የሪሞት ፕሮግራም አሁን ያለውን ምስል ከአፍታ በፊት ከነበረው ጋር ያስተያያል፤ የተለወጠችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ቆርጦ ያወጣል፤ ያንንም አጭቆ ይልካል። ሃያ ነጥብ በሠላሳ ነጥብ የሆነች ቁራጭ ሳትታጨቅ እንኳ 1,800 ባይት ናት፤ ከሙሉው ምስል ከሦስት ሺሕ እጅ በላይ ታንሳለች። ላፕቶፑ ቁራጯን ተቀብሎ በቦታዋ ይለጥፋታል። ሠራተኛዋ የምታየው 5 ቁጥር ከላፕቶፕዋ የወጣ ይመስላታል እንጂ፣ በእርግጥ የቁልፉ መልእክት መገናኛ ደርሶ፣ ፒችትሪ ተቀብሎት፣ ስክሪኑ ላይ ጽፎት፣ ምስሉ ተመልሶ አዳማ መጥቷል።

ሪሞት ዴስክቶፕ ለጽሑፍና ለቁጥር ሥራ የሚመቸው፣ ለቪዲዮ ግን የሚከብደው በዚሁ ምክንያት ነው። ቪዲዮ ሲከፈት የስክሪኑ ትልቅ ክፍል በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ቆርጦ የሚላከው ቁራጭ ምስሉን በሙሉ ያክላል። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ በሪሞት የሚያይ ሰው ዳታውን ከመጨረሱም በላይ ምስሉ እየዘለለ፣ ድምፁም ከምስሉ እየቀደመ ወይም እየቀረ ያስቸግረዋል። የኢንተርኔት ጥቅሉ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው በሪሞቱ ሴቲንግ ውስጥ የዴስክቶፑን ፎቶ ማጥፋትና የቀለሙን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይችላል። ለፒችትሪ ያማረ ጀርባ አያስፈልገውም።

ከመጠኑ ሌላ ርቀትም አለ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከቁጥር አይገባም። ባለቤቱ ካለበት ቨርጂኒያ እስከ አዲስ አበባ ግን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ ከ110 ሚሊ ሴኮንድ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ኬብሉ በባሕር ሥር ዞሮ ስለሚመጣና በመንገድ ላይ ብዙ መሣሪያዎች ስላሉ በተግባር እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሰው ስሜት ደግሞ ከመቶ ሚሊ ሴኮንድ ያለፈ መዘግየትን ማስተዋል ይጀምራል። ኢንተርኔቱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢገዛ ይህ አይቀንስም፤ ብዙ ዳታ በአንዴ መጫን ይቻላል እንጂ መንገዱን ማሳጠር አይቻልም። ቨርጂኒያ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ ከጣቱ ትንሽ እየዘገየ የሚከተለው ለዚህ ነው።

ግራ የሚያጋባው የማውዙ ነገር ነው። የማውዙን ቀስት የሚስለው አብዛኛውን ጊዜ እፊት ለፊት ያለው ላፕቶፕ ራሱ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው የቀስቱ ቅርጽ ብቻ ነው። በመሆኑም ቀስቱ እንደልብ ይሄዳል፣ ክሊክ ሲደረግ ግን ምንም አይሆንም። ሰውየው “አልሰማኝም” ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል። ከዚያ ሁሉም ክሊኮች በተራቸው ደርሰው አንዱ ፋይል ሦስት ጊዜ ይከፈታል። መድኃኒቱ አንዴ ተጭኖ መጠበቅ ነው። ቀስቱ ስለተንቀሳቀሰ መስመሩ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ መስመሩ ተቋርጦም ለጥቂት ሴኮንዶች ቀስቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። በማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ በተለመደው አሠራር ወደ ሩቁ ኮምፒውተር የሚላከው ፊደል አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ የሚናገር ቁጥር ነው። ያንን ቁልፍ “ለ” ወይም “L” የሚያደርገው ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ፓወር ግዕዝም ሆነ ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ሊጫን የሚገባው የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ አማርኛውን አብርቶ በሪሞቱ መስኮት ውስጥ መጻፍ የሚሞክር ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ሊወጣለት ይችላል፤ ከዚያ “ሪሞቱ አማርኛ አይደግፍም” ይላል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ታኅሣሥ 1968 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ መድረክ ወጥቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜንሎ ፓርክ ከሚገኘው ኮምፒውተሩ ጋር በማይክሮዌቭ መስመር ተገናኝቶ ሲሠራ ለተሰበሰበው ሰው አሳይቷል። ማውዝም በሕዝብ ፊት የታየው በዚያው ዕለት ነው። ለተራው ተጠቃሚ የደረሰው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1998 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ያለ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ቪኤንሲ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ከርቀት የሚገባበትን የዊንዶውስ ሰርቨር አወጣ። ቪኤንሲ እስከ ዛሬ የሚሠራባት አንዲት ብልሃት አለችው። ተመልካቹ ኮምፒውተር “የተለወጠ ነገር ካለ ላክልኝ” ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው ምስል የሚላከው። መስመሩ ሲደክም ጥያቄው ይዘገያል፤ ያረጁ ምስሎች ወረፋ ይዘው አይከማቹም፤ መሀል ያሉት ተዘልለው የመጨረሻው ይመጣል።

አሁን ኔትወርክ ተቋረጠ እንበል። ሠራተኛዋ የወሩን የተጨማሪ እሴት ታክስ እያሰናዳች ሳለ የአዳማው ዋይፋይ ጠፋ። የሪሞቱ መስኮት ይቆማል፤ “እንደገና በመገናኘት ላይ” የሚል መልእክት ይመጣል። መገናኛ ላይ ግን ምንም የተቋረጠ ሥራ የለም። ፒችትሪ እንደተከፈተ ነው፤ ያልተመዘገበው ሰነድም ግማሹ ተጽፎ እንዳለ ይጠብቃታል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ ከሰዓት በኋላም ይሁን በማግሥቱ፣ ተመልሳ ስትገባ ያቋረጠችበት መስመር ላይ ታገኘዋለች። ዊንዶውስ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተከፈተውን ሥራ አይዘጋም፤ የሚዘጋው ሠራተኛዋ ራሷ “ሳይን አውት” ስትል ነው። መስኮቱን በ“X” መዝጋት መለያየት ብቻ ነው።

የከፋው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ያውም የአዳማው ሳይሆን የመገናኛው። የጠፋ ኮምፒውተር ላይ በሪሞት መግባት አይቻልም፤ መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን የሚጫንለት ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ኮምፒውተሮች መጀመሪያ ሲነሡ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ፣ መብራት ሲመለስ ራሳቸው እንዲበሩ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። እሱን አስቀድሞ ማስተካከል፣ ዊንዶውስ ላይም ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማድረግ፣ ቢቻል ዩፒኤስ ማስገባት ይጠቅማል። ዩፒኤሱ ለራውተሩም ይገባዋል። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ያው ነው።

ሌላው የዕለት ተዕለት ስህተት “የት ነው ያለሁት?” ከሚለው የሚመጣ ነው። ሙሉውን ስክሪን የሞላው የሪሞት መስኮት ከራስ ኮምፒውተር አይለይም። ሠራተኛዋ ሪፖርቱን “ዴስክቶፕ ላይ” ሴቭ ታደርጋለች፤ ሪሞቱን ዘግታ ላፕቶፕዋ ላይ ብትፈልገው የለም። የሄደው መገናኛ ነው፤ ሴቭ የተደረገው ፕሮግራሙ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነውና። ፕሪንት ስትልም ወረቀቱ ቢሮው ውስጥ ይወጣል፤ የላፕቶፑ ፕሪንተር ወደ ሪሞቱ እንዲገባ ካልተመረጠ በስተቀር። ሲጠራጠሩ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ይህን ቢጽፉ የኮምፒውተሩ ስም ይወጣል፦

```
hostname
```

የማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ ላፕቶፑን ዲስክ ሩቁ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ ድራይቭ የማሳየት ምርጫም አለው። ያኔ ሪፖርቱን ከመገናኛ ወደ አዳማ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን በሪሞቱ ላይ የተጨመረ ነገር ነው እንጂ ሪሞቱ ራሱ አይደለም። በነባሩ ፋይሉ አይመጣም።

ፋይልን ከርቀት መክፈት የዚህ ተቃራኒ ነው። የቢሮው ፎልደር በኔትወርክ ለሌሎች ተከፍቶ ሠራተኛዋ በቪፒኤን ገብታ ብታየው፣ የምታየው የፋይሎቹን ስም ነው። አንዱን ስትከፍት ይዘቱ ኔትወርኩን ተሻግሮ ላፕቶፕዋ ላይ ይደርሳል፤ የሚከፍተውም የላፕቶፕዋ ፕሮግራም ነው። ጉግል ድራይቭም በመሠረቱ እንዲሁ ነው፤ ፋይሉ ይወርዳል፣ ይሠራበታል፣ ይመለሳል። ለደብዳቤ፣ ለኤክሴል፣ ለፎቶ ከዚህ የሚሻል የለም። ሁለት መቶ ኪሎ ባይት ያላትን ደብዳቤ ለመክፈት ሪሞት ዴስክቶፕ ማስነሣት ትርፍ ድካም ነው፤ ፋይሉ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ፒችትሪ ግን ደብዳቤ አይደለም። የድርጅቱን መረጃ የሚያስቀምጠው በአንድ ፎልደር ውስጥ ባሉ ብዙ ፋይሎች ነው፤ ደንበኞቹ በ`CUSTOMER.DAT`፣ የሂሳብ መዝገቡ መስመሮች በ`JRNLROW.DAT` እያለ ይቀጥላል። አንድ ሪፖርት ለማውጣት ፋይሉን በሙሉ አንዴ አንብቦ አይጨርስም፤ ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ እያነበበ፣ አንዱን መልስ ሳያገኝ ወደ ሌላው ሳይሻገር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥራ ሦስት ሺሕ ጥያቄዎች ያስፈልጉታል እንበል። ቢሮ ውስጥ ባለው ኔትወርክ እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ ጠቅላላው አንድ ሴኮንድ ተኩል ነው። ፎልደሩ ከቨርጂኒያ በቪፒኤን ቢከፈትና እያንዳንዱ ጥያቄ 200 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ያው ሪፖርት አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ አልደከመም፣ ኢንተርኔቱም አልሞላም፤ ጊዜው የሚያልቀው በመመላለስ ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን ሦስቱም ሺሕ ጥያቄዎች መገናኛ ላይ፣ ከፕሮግራሙ ወደ ራሱ ዲስክ ይጠናቀቃሉ። ባሕር የሚሻገረው የተጠናቀቀው ሪፖርት ምስል ብቻ ነው።

ከመዘግየቱ የሚከፋም አለ። በፎልደር በኩል የሂሳብ ሰነድ እየተመዘገበ ሳለ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፣ አንዱ ፋይል ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። የፒችትሪን ፎልደር ጉግል ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ውስጥ አስገብቶ ከሁለት ቦታ መሥራትም የባሰ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች ፋይልን የሚያመሳስሉት አንድ በአንድ ነው፤ የፒችትሪ ፋይሎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ዋጋ የላቸውም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጻፈ አገልግሎቱ ከሁለቱ የማን ትክክል እንደሆነ ስለማያውቅ ሁለተኛ ኮፒ ይፈጥራል። የሂሳብ ሰው ከዚህ የሚያስፈራው ነገር ያለ አይመስልም።

ምስልና ፋይል የሚለያዩበትን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ አንድ ሰነድ ይውሰድ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ያ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ደርሷል፤ ፊደሉን የሚስለው ግን ፎንቱ የሌለው የላፕቶፑ ፕሮግራም ነው። ያንኑ ሰነድ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው ቢሮው ውስጥ ቢከፍቱት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ፊደሎቹ የተሳሉት ፎንቱ ባለበት መገናኛ ነው፤ ላፕቶፑ ያገኘው የተሳለውን ምስል ነው።

ስክሪን ሼሪንግ ከሪሞት ዴስክቶፕ ጋር የሚመሳሰለው ምስል በማምጣቱ ነው፤ እጅ ግን አይሰጥም። በዙም ወይም በጉግል ሚት ሠራተኛዋ “ሼር” ስትል ስክሪኗ እንደ ቀጥታ ስርጭት ቪዲዮ ለተሰብሳቢው ይተላለፋል። ባለቤቱ ቨርጂኒያ ሆኖ ሪፖርቱን ያያል፤ “ከላይ ሦስተኛዋን መስመር አሳዪኝ” ይላል፤ የምትገልጠው እሷ ናት። የኮምፒውተሩ ፓስወርድ አያስፈልገውም፣ ስብሰባው ሲያልቅ ምንም አይቀርለትም። ለእሱ የሚበቃው ይህ ነው። ሪፖርቱን ከእሷ ጋር ካልተነጋገረበት ደግሞ በፒዲኤፍ መላክ ይሻላል። አንዳንድ ባለቤቶች ግን “ሙሉ ሪሞት ካልተሰጠኝ” ይሉና፣ አንድ ሌሊት ሳያውቁ የተዘጋ ወር ከፍተው ቁጥር ይለውጣሉ።

ቪዲዮ በመሆኑ ድካምም አለበት። መስመሩ ሲቀጥን ስክሪን ሼሪንግ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል፤ ደቃቅ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ 3 ይሁን 8 መለየት ያስቸግራል። ሙሉውን ስክሪን ሼር ያደረገ ሰው ከጎን ብቅ የሚለውን የቴሌግራም መልእክት ሳይቀር ለሰው ያሳያል። የፒችትሪውን መስኮት ብቻ መርጦ ማሳየት ይቻላል። በዙም ተመልካቹ ማውዙን እንዲይዝ መፍቀድም አለ፤ ለእሱም ስክሪኑን የምታሳየው ሰው በቦታዋ ተቀምጣ እሺ ማለት አለባት።

የአይቲ ባለሙያው በሁለቱ መሀል ነው። የሚጠቀመው ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የመሰለ ፕሮግራም ነው፤ ምስልም ያያል፣ ማውዝም ይይዛል። ከማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚለየው ግን ቢሮ ያለው ሰውም ያንኑ ስክሪን አብሮ ማየቱ ነው። በማይክሮሶፍቱ መንገድ በተለመደው ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ከሩቅ ሲገባ ቢሮ ያለው ስክሪን ይቆለፋል፤ ቢሮ ያለው ሰው ፓስወርድ አስገብቶ ሲከፍተው ደግሞ የሩቁ ይባረራል። ለባለሙያው ይህ አይመቸውም፤ እሱ የሚፈልገው ሠራተኛዋ ስህተቱን እንደምታየው ማየት ነው። “እህቴ፣ እጅሽን ከማውዙ ላይ አንሺልኝ” የሚለው ሁለት እጅ አንድ ቀስት ሲጎትት ነው። ለሠራተኛዋ ሥራ ግን የሚቆለፈው ይሻላል፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ደሞዝ ስትሠራ እንዳያያት። የማይክሮሶፍቱ መንገድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የሚገባበት ኮምፒውተር የዊንዶውስ ፕሮ እትም ሊኖረው ይገባል፤ ሆም የተባለው እትም ወደ ሌላ መግባት ይችላል፣ ወደ ራሱ ግን አያስገባም። ከሚገባበት በኩል `mstsc` ብሎ ፈልጎ መክፈት ይበቃል።

ሩቁን ኮምፒውተር ማግኘቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የቢሮው ኮምፒውተር አድራሻ 192.168 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ያ አድራሻ ከራውተሩ ውጭ አይታወቅም። ኤኒዴስክና ቲምቪወር ይህን የሚያልፉት በመካከለኛ ሰርቨር ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከውስጥ ወደ ውጭ ወደ ሰርቨሩ ይደውላሉ፤ ሰርቨሩ በመለያ ቁጥራቸው ያገናኛቸዋል። የማይክሮሶፍቱ መንገድ ግን በ3389 ቁጥር በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ይጠብቃል። አንዳንድ ባለሙያ ይህን በር ራውተሩ ላይ ለዓለም ክፍት አድርጎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክፍት በር እየፈለጉ ኢንተርኔቱን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ያገኙታል፤ ፓስወርድ መገመት ይጀምራሉ። በግንቦት 2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማይክሮሶፍት ብሉኪፕ የተባለውን ጉድለት ሲያስታውቅ ነገሩ ከዚህም ከፋ፤ በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ያለ ምንም ፓስወርድ በዚሁ በር መግባት ይቻል ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቋረጠበት ኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ ለቋል። ትክክለኛው አሠራር በሩን ዘግቶ መጀመሪያ በቪፒኤን መግባት፣ ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፑን መክፈት ነው።

በመካከለኛ ሰርቨር የሚያልፉት ደግሞ ሌላ በር አላቸው፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ደዋዩ ከባንክ ወይም ከቴክኒክ ክፍል ነኝ ይላል፤ “ሂሳብዎ ሊታገድ ነው፤ ይህን ፕሮግራም ያውርዱና ቁጥሩን ያንብቡልኝ” ይላል። ቁጥሩን ያነበበና “ፍቀድ” የሚለውን የተጫነ ሰው ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሙሉ ስክሪኑን ሰጥቷል። ስልክ ላይ ከሆነ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ጭምር ያያል። ፕሮግራሙ ቫይረስ ስላልሆነ አንቲቫይረሱ ላይጮህ ይችላል።

እንዲህ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንተርኔቱን ማቋረጥ ነው፤ ዋይፋዩንም የሞባይል ዳታውንም። ከዚያ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ወይም ከስልኩ ማጥፋት ይገባዋል፤ መስኮቱን ቢዘጋ አይበቃም፣ ሰው ሳይፈቅድ የሚያስገባ ቋሚ ፓስወርድ አስቀምጠውበት ሊሆን ይችላልና። የባንክና የኢሜይል ፓስወርዶቹን ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይለውጥ። ወደ ባንኩም ራሱ ይደውል፤ ሰውየው በደወለበት ቁጥር ሳይሆን በካርዱ ጀርባ ወይም በቅርንጫፉ በሚታወቀው።